25 ኪሎ አምፒር አይበቃም እንዴ?

ጥያቄ፦ «132/15 ኪሎ ቮልት፣ 31.5 ሜጋ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር አለን። ኢምፒዳንሱ 12.5 በመቶ ነው። ለ15 ኪሎ ቮልቱ ዋና ብሬከር እኛ 25 ኪሎ አምፒር ሾርት የሚያቋርጥ ኤስኤፍ ሲክስ የጋዝ ብሬከር መረጥን፤ አማካሪው 40 ይሁን አለ። የሕዝብ ገንዘብ ማባከን አይደለም?»

ዳዊት፦ ብክነት ነዋ! ሙሉ ጭነቱ 1,212 አምፒር ነው። ለ0.125 ሲካፈል ሾርቱ 9.7 ኪሎ አምፒር ይሆናል። 25 ራሱ ከእጥፍ በላይ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ቆይ ልጄ፣ ብሬከሩ ሾርት ላይ ቢዘጋስ? ትራንስፎርመር አጠገብ ሪዚስታንሱ ትንሽ ነው፤ የጅረቱ የመጀመሪያ ጫፍ ሽቅብ ይተኮሳል። አማካሪው የፈራው ይህንን ነው።

ሰናይት፦ ጋሽ ታደሰ፣ ስለ ጫፉ ልክ ነዎት። ግን ቢበዛ የ9.7 ወደ 2.7 እጥፍ ነው፤ 26 ኪሎ አምፒር ገደማ። ባለ 25ቱ ሲዘጋ 62.5 ይችላል። ችግሩ ከከፈተ በኋላ ነው። አርኩ ሲጠፋ በብሬከሩ ሁለት ጫፎች መካከል ቮልቴጁ ተመልሶ ይመጣል። ፍጥነቱን የሚወስነው የትራንስፎርመሩ ኢንዳክታንስና በዙሪያው ያለው ካፓሲታንስ ነው። እዚህ ኢንዳክታንሱ 2.8 ሚሊ ሄንሪ ነው። ካፓሲታንሱን 5 ናኖፋራድ ብንል ንዝረቱ 42 ኪሎ ኸርዝ ይሆናል። ቮልቴጁ በ12 ማይክሮ ሰከንድ 30 ኪሎ ቮልት አካባቢ ይደርሳል። ጋዙ ገና ሳይቀዘቅዝ ማለት ነው። አርኩ እንደገና ሊነሳ ይችላል።

ሕይወት፦ የእኛ ቤት ብሬከር ላይ 6000 ተጽፏል። እኛም 40ውን እንግዛ?

ዳዊት፦ ሕይወት፣ ያ 6000 አምፒር ነው፤ የቤት መስመር ሌላ ዓለም ነው 😀 ሰናይት፣ ታዲያ 40 መግዛት ምን ይፈይዳል? ቮልቴጁ ያው አይደለም?

ሰናይት፦ ያው ነው፤ የተፈተነበት ይለያል። ብሬከር በ100፣ በ60፣ በ30 እና በ10 በመቶ ጅረት ይፈተናል። ጅረቱ ሲያንስ የሚሰጠው ቮልቴጅ ይፈጥናል። 9.7 ለባለ 25ቱ 39 በመቶ ነው፤ የ30 በመቶው ፈተና አይሸፍነውም። ለባለ 40ው 24 በመቶ ነው፤ የ30 በመቶው ፈተና ይሸፍነዋል። ብቻ በዚያም ፈተና ቮልቴጁ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ከ12 ማይክሮ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። 40 ብቻውን አያድናችሁም።

ጋሽ ታደሰ፦ እኔ በሠራሁበት ጣቢያ ከትራንስፎርመሩ እስከ ብሬከሩ መቶ ሜትር ኬብል ነበር። አንድም ቀን አላስቸገረን።

ሰናይት፦ ኬብሉ ነዋ ያዳናችሁ! 30 ናኖፋራድ ቢጨምር ንዝረቱ ወደ 16 ኪሎ ኸርዝ ይወርዳል፣ ጊዜው ወደ 31 ማይክሮ ሰከንድ ይረዝማል። ጠያቂው ጋ ግን ባስባር ከሆነ ያ የለም። ካፓሲተር ማሰር ይቻላል።

ዳዊት፦ ካፓሲተሩ ራሱ ቢፈነዳስ? ቫኪዩም ብሬከር ይገዛ። ለፈጣን ቮልቴጅ ከጋዙ ይሻላል።

ሰናይት፦ በዚህ እስማማለሁ፤ የፈተና ሪፖርቱን ግን ጠይቁ። የእኔ 5 ናኖፋራድ ግምት ነው። ትራንስፎርመሩ ላይ ይለካ።

ጠያቂ፦ በመካከሉ ኬብል ነው ባስባር? ስዕሉን አይቼ እመለሳለሁ።