የቡናው ሲን በአንድ ቀን ያልቃል ወይስ አያልቅም?

ሰኞ ገበያ፦ ቅዳሜ ደሴ ላይ ስለ ፊልም ቀረጻ በነበረው ውይይት የተባለው ይኸው፦ «አምስት ሰው ላለው ክሩ ሾት ሊስት ምን ያደርግለታል? ሲኑን እንደ ታሪኩ ከላይ ወደ ታች መቅረጽ ነው። ተዋናዩም ስሜቱ አይበተንበትም።»

ሦስት ገጽ የማይሞላ ሲን ሁለት ቀን የሚፈጀው በዚህ ምክር ነው። እዚያው ያየነውን የቡና ሲን እንውሰድ፦ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ እናት ቡና ታፈላለች፣ ልጇ መሬቱን እንሽጥ ይላል፣ እህቱ ዝም ብላ ትሰማለች። የቀረበው የሾት ዝርዝር፣ ሾት ሊስቱ፣ 27 ሾት ነበር። ለአንድ ሾት ከልምምድና ከድጋሚው ጋር 20 ደቂቃ ስጡት፤ 9 ሰዓት ሄደ። በታሪኩ ቅደም ተከተል ሲሄድ ደግሞ ካሜራው ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት 11 ጊዜ ይዞራል። በዞረ ቁጥር ላይቱ ይነሳል፣ ስታንዱ ከፍሬም ይወጣል፣ ማይኩ ቦታ ይቀይራል። አንድ ሰው ላይት፣ አንድ ሰው ድምጽ በሚይዝበት ክሩ ይህ በየዙሩ 40 ደቂቃ ይበላል። ሲደመር 16 ሰዓት ከ20 ይሆናል፤ ማን ነው በአንድ ቀን የሚጨርሰው?

ሐይቅ ዳር፦ ሒሳብህ ለግንበኛ ይሆናል። እናትየዋ በረካው ላይ ነው የምታለቅሰው። ጠዋት ገና አቦሉ ሳይቀዳ አልቅሺ ልትላት ነው? «ስሜቱ አይበተንበትም» የተባለው ለዚህ ነው፤ እኔም እደግፋለሁ። ተዋናይ የቤት ዕቃ አይደለም፣ ከዚህ አንስተህ እዚያ አታስቀምጠውም።

ቧንቧ ውሃ፦ እኛ ሰርግ ያለ ምንም ሊስት ከጠዋት እስከ ማታ ቀርጸን እንጨርሳለን። ስክሪፕቱ ካለ ሌላ ሊስት መጻፍ ድካም ብቻ ነው።

ሰኞ ገበያ፦ ወንድሜ፣ ሰርግ አይደገምም። ሙሽራው ሲገባ ካመለጠህ አመለጠህ፤ ላይት ቀይረህ «እስኪ ድጋሚ ግባ» አትለውም። የኛ ጣጣ መድገሙ ላይ ነው።

ሆጤ፦ አብሽሩ፣ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ይዛችኋል። 27ቱን ዝርዝር አይቸዋለሁ። የተጻፈው በኤዲቲንግ ላይ የሚታየው መቁረጫ ነው እንጂ ሾት አይደለም። የእናትየዋ ክሎዝ አፕ ስድስት ቦታ ተጽፏል፤ ካሜራው ያው ቦታ፣ ሌንሱ ያው፣ ላይቱ ያው። ያ አንድ ሾት ነው፤ ንግግሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታስኬዱና ስድስቱን ቦታ ኤዲተሩ ይቆርጠዋል። እንዲህ ሲጣጠፍ 27ቱ 14 ይሆናል። 14ቱን ካሜራው በሚያይበት አቅጣጫ ስትመድቡ አራት ናቸው፦ ከጥግ ሆኖ ሙሉ ክፍሉን፣ ወደ መስኮቱ እናትን፣ ወደ በሩ ልጁን፣ ወደ ግድግዳው እህትን። 14 በ20 ደቂቃ 4 ሰዓት ከ40፣ አራት ጊዜ ላይት መቀየር 2 ሰዓት ከ40። 7 ሰዓት ከ20 ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ለምሳ አንድ ሰዓት ሰጥታችሁ እንኳ 1 ሰዓት ከ40 ይተርፋል።

የስሜቱን ነገር በተመለከተ፦ በአቅጣጫው ውስጥ ቅደም ተከተሉ ይጠበቃል። የእናትየዋ አቅጣጫ ሲመጣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በተራ ነው የሚቀረጸው፤ ልቅሶው የአቅጣጫው መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሰፊው ሾት ላይ ሲኑን ሙሉውን ተጫውታዋለች።

ሐይቅ ዳር፦ እሱን ካላችሁ ቀደም ብላችሁ በሉት። ግን ልጁ ላይ ስትዞሩስ? ካሜራው በማያያት ሰዓት እናትየዋ አልቅሳ ጨርሳለች፤ ልጁ ለደከመ ፊት ነው የሚመልሰው።

ሆጤ፦ እውነት ነው። ስለዚህ ማን ይቅደም የሚለው የሊስቱ ትልቁ ውሳኔ ነው። ከባዱ የማን ነው? የእናትየዋ ከሆነ ከሰፊው ሾት ቀጥላ እሷ ትቅደም፤ ልጁ ከምሳ በኋላ ይሁን። እሷም ከካሜራው አጠገብ ተቀምጣ ቃሏን ትስጠው፤ እንባ አይጠየቅባትም።

ኮምቦልቻ ሳውንድ፦ ስለ ቡናው ማንም አላነሳም። ቡናው ራሱ ሰዓት አለው። ንግግሩ እየሄደ ቡና ከተቆላ ኤዲቲንግ ላይ መቁረጥ የለም፤ መንኮሻኮሹ ቃሉ መሀል ይገባና አንዱ ሾት ላይ ጮክ፣ አንዱ ላይ ዝም ይላል። በንግግሩ ጊዜ ምጣዱ ከእሳቱ ይውረድ። ቡናው ሲቆላና ስኒ ላይ ሲቀዳ ያለውን ድምጽ ተዋናዮቹ ሲሄዱ ለብቻው ሁለት ሁለት ደቂቃ ቅዱ። ደግሞ የዙህር አዛን መሀል ላይ ይመጣል፤ ምሳውን እዚያ ላይ አድርጉት፣ የሚሰግድም ይሰግዳል። ክረምት ከሆነ የቻላችሁትን ያህል ንግግር ከምሳ በፊት ጨርሱ። ከሰዓት ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ከጀመረ ያ ድምጽ አይድንም።

ሆጤ፦ ወላሂ ልክ ብለሃል። ጭሱም እንዲሁ ነው። ዕጣኑ ሰፊው ሾት ላይ ክፍሉን ሞልቶት ክሎዝ አፑ ላይ አየሩ ጠርቶ ከታየ አይገጥምም። ከእያንዳንዱ ሾት በኋላ በስልክ ረከቦቱን ፎቶ ማንሳት ነው፦ ስኒዎቹ ስንት እንደሆኑ፣ የቱ ሞልቶ የቱ ጎድሎ እንደነበር፣ ጀበናው አፉን ወዴት እንዳዞረ፣ ቄጠማው የት እንደተረገጠ። ፎቶውን ከሾቱ ቁጥር ጋር ያላያያዘ ሰው ከሰዓት በኋላ ስኒ ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት ያባክናል። እጅ፣ ጀበና፣ ፍም፣ ስኒ ብቻ የሚታይባቸው ደግሞ መጨረሻ ላይ ይሁኑ፤ ተዋናዮቹ ሄደው ሁለት ሰው ይበቃል።

ሰኞ ገበያ፦ ከ14ቱ ጎን ምልክት ይደረግ። ያለ እሱ ሲኑ የማይቆምበትን አንድ፣ ከቀረም የሚያልፈውን ሁለት በሉት። 9 ሰዓት ላይ ሦስት አቅጣጫ ካላለቀ ሁለት የተባሉት ይሰረዛሉ። ሲጨልም በችኮላ ከመምረጥ አሁን በተረጋጋ መንፈስ መምረጥ ይሻላል።

ሸዋበር፦ መስኮቱስ? ደሴ ላይ ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ከሆነ የጦሳ ተራራ ፀሐዩን ቀድሞ ይወስደዋል። የእናትየዋን አቅጣጫ ከሰዓት ያደረገ ሰው መጀመሪያው ሾት ላይ ብሩህ፣ መጨረሻው ላይ ጥላ ያገኛል።

ኮምቦልቻ ሳውንድ፦ እዚህ ኮምቦልቻ ቅረጹታ፣ ሜዳ ነው፣ ብርሃን አይቸግርም።

ሸዋበር፦ ታሪኩ የደሴ ነው! ብርዱና ጉሙ ባይኖር እናትየዋ ጋቢ ለብሳ ፍም ላይ ምን አስቀመጣት? ብርሃን ፍለጋ አገር አይቀየርም፤ መስኮቱ ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ ወጥራችሁ ላይቱን ከውጭ አስገቡት።

ኮምቦልቻ ሳውንድ፦ ጨርቁስ ይወጠር፣ ላይቱን ውጭ ዝናብ ላይ የሚይዘው ማነው? አምስት ሰው ነው ያላችሁት።

ሐይቅ ዳር፦ ወደ ነገሬ ልመለስ። እናንተ ስለ ስኒና ስለ መስኮት ታወራላችሁ። እናትየዋ በረካውን እየቀዳች «መሬቱ የአባትህ አጥንት ነው» የምትለው ቃል አንዴ ነው የሚወጣው። ሰፊው ሾት ላይ ከወጣ ክሎዝ አፑ ላይ ባዶ ይሆናል። ይህን የትኛው ሊስት ይመልሳል?

ሆጤ፦ ሰፊው ላይ እስከዚያ ቃል አፍ ድረስ ብቻ አስኬዷት፤ ቃሉን ለክሎዝ አፑ አቆዩላት። ሊስቱ ላይ «ሰፊው እዚህ ይቆማል» ተብሎ ይጻፋል።

ሐይቅ ዳር፦ እንዲያማ ከሆነ ሲኑን ሙሉውን ተጫውታዋለች ያልሽው ቀረ።

ሰኞ ገበያ፦ ቃሉ የሚወጣው አንዴ ነው የሚለውን መጀመሪያ አስረዳን። ተዋናይቷ ልምምድ ላይ ስንት ጊዜ ብላዋለች?

ሐይቅ ዳር፦ ልምምድ ላይ አታስብሏትም! እሱን ነው ከጠዋት ጀምሮ የምነግራችሁ።