ወሩ ከተዘጋ በኋላ የተገኘ የወጪ ሂሳብ ስህተት፦ በኅዳር ላስተካክል ወይስ ጥቅምትን ልክፈት?

ጠያቂ፦ ሂሳብ ሠራተኛ፣ ገላን

ሰላም ለሁላችሁም። የምሠራው በአንድ አነስተኛ የፕላስቲክ ቱቦ ማምረቻ ውስጥ ነው። ጥቅምት 18 ቀን የፋብሪካው ጄኔሬተር ለተጠገነበት 40,000 ብርና 6,000 ብር ቫት፣ በድምሩ የ46,000 ብር ደረሰኝ መጣልኝ። በጆርናል ቫውቸር ቁጥር 147 ስመዘግበው 5240 «የማሽን ጥገና» ዴቢት መደረግ ሲገባው 6140 «የተሽከርካሪ ጥገና» ዴቢት አደረግሁ። ክሬዲቱ «ያልተከፈሉ ወጪዎች» ላይ ነበር፤ ገንዘቡም በዚያው ወር በቼክ ተከፍሏል። ኅዳር 8 ቀን ወሩን ዘጋሁ፤ የቫት ማስታወቂያው ገብቷል፤ የወሩ ሪፖርትም ለባለቤቱና ብድር ለሰጠን ባንክ ደርሷል። ስህተቱን ያየሁት ኅዳር 15 ቀን የመኪኖቹን የጥገና ፋይል ከሌጀሩ ጋር ሳመሳክር ነው። የምንጠቀመው ፒችትሪ ነው። ጥቅምትን ከፍቼ ላርመው ወይስ በኅዳር ላስተካክለው?

አባል፦ ከቡራዩ

እህቴ፣ ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። `Tasks > System > Change Accounting Period` ውስጥ ገብተሽ ጥቅምትን ምረጪ፤ ቫውቸር 147ን ክፈቺና 6140 የሚለውን በ5240 ቀይረሽ አስቀምጪ። ከዚያ ወደ ኅዳር ተመለሺ። ትርፉ አይለወጥም፣ ባንኩም አይለወጥም፣ የጥቅምት ወጪም በጥቅምት ላይ ይቀመጣል። እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ችግር ገጥሞኝም አያውቅም።

አባል፦ ከሱሉልታ

ከቡራዩው ወንድማችን ጋር አልስማማም፤ የተዘጋ ወር አይነካም። ትክክለኛው መንገድ በኅዳር ቫውቸር 147ን ሙሉ በሙሉ ገልብጦ፣ ማለትም ሦስቱንም መስመሮች በተቃራኒው መዝግቦ፣ ከዚያ ትክክለኛውን እንደገና ማስገባት ነው። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ስህተት፣ መሰረዙና አዲሱ ምዝገባ ሦስቱም በግልጽ ይታያሉ።

አባል፦ ከሰበታ፣ በኦዲት ሥራ ላይ የቆየሁ

ወሩን ባለመንካት ረገድ የሱሉልታው አባል የተናገሩት ትክክል ነው። ሙሉውን መገልበጥ ግን ለዚህ ጉዳይ ከሚገባው በላይ ነው፤ ጣጣም ያመጣል። በቫውቸር 147 ላይ የተሳሳተው አንድ መስመር ብቻ ነው። የቫቱ መስመር ትክክል ነበር፤ «ያልተከፈሉ ወጪዎች» የሚለውም ትክክል ነበር፤ በቼኩም ተዘግቷል። እነዚህን ገልብጠው እንደገና ሲያስገቡ በድምር ዜሮ ቢመጣም፣ የኅዳርን የቫት ሌጀር በሚያወጡበት ጊዜ የጥቅምት ደረሰኝ አንድ ጊዜ በክሬዲት፣ አንድ ጊዜ በዴቢት ሆኖ ይወጣል። ማስታወቂያውን የሚሞላው ሰው የዴቢቱን ዝርዝር ብቻ ተከትሎ ከሞላ ያው ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ይጠየቅበታል። ይህ ደግሞ ከገቢዎች ጋር የሚያነጋግር እንጂ በቢሮ ውስጥ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ በኅዳር የሚሠራው ምዝገባ ሁለት መስመር ብቻ ነው፦

ዴቢት 5240 የማሽን ጥገና 40,000 ብር
ክሬዲት 6140 የተሽከርካሪ ጥገና 40,000 ብር

መጠኑ 40,000 እንጂ 46,000 እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ደረሰኙን ከፊት አስቀምጦ የሚሠራ ሰው ዓይኑ ከታች ያለው ድምር ላይ ስለሚያርፍ ብዙ ጊዜ 46,000ን ያዛውራል፤ ያኔ 6140 በ6,000 ብር ከልክ በላይ ይቀንሳል፣ 5240ም በዚያው ልክ ያብጣል። ሌላው የተለመደ ስህተት አቅጣጫውን መገልበጥ ነው። ይህን ለማወቅ ምዝገባውን እንደጨረሱ የሁለቱን ሂሳቦች ሌጀር ከሐምሌ 1 ጀምሮ ያትሙ። በ6140 ላይ የጥቅምቱ 40,000 ዴቢትና የኅዳሩ 40,000 ክሬዲት ተሰራርዘው መታየት አለባቸው፤ ሁለቱም በዴቢት በኩል ከወጡ ስህተቱን እጥፍ አድርገውታል ማለት ነው። ትሪያል ባላንሱ ግን ይህን አይነግርዎትም፤ መጀመሪያም ቢሆን ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ስለነበር ስህተቱን አላሳየዎትም።

በማብራሪያው ቦታ «ማስተካከያ» ብለው ብቻ አይለፉት። «በጥቅምት 18 ቀን በጆርናል ቫውቸር 147 የጄኔሬተር ጥገና ወጪ በስህተት በ6140 የተመዘገበ በመሆኑ ወደ 5240 ለማዛወር» ብለው ይጻፉ፤ የደረሰኙን ቅጂ ከአዲሱ ቫውቸር ጋር ያያይዙ፤ በቫውቸር 147 ወረቀት ጥግ ላይም የአዲሱን ቫውቸር ቁጥር ይጻፉበት። ከሁለቱ የትኛውንም ቀድሞ ያነሣ ሰው ወደ ሌላኛው መድረስ እንዲችል ነው። ቫውቸሩን እርስዎ አዘጋጅተው ሌላ ሰው ይፈርምበት።

ለቡራዩው ወንድሜ አንድ ነገር ልበል። ትርፉ አይለወጥም ያሉት ትክክል ነው፤ የጥቅምት ወጪ በጥቅምት መቀመጡም ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ሪፖርቱ ከቢሮ ወጥቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኦዲት ባደረግሁበት አንድ ድርጅት ተፈርሞ በፋይል የተቀመጠው የጥር ትሪያል ባላንስና ከኮምፒውተሩ ያሳተምኩት የጥር ትሪያል ባላንስ በሁለት የወጪ ሂሳቦች ላይ ተለያዩብኝ። ጠቅላላ ድምሩ አንድ ነበር። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀየረው የሚገልጽ አንድም ወረቀት ስላልነበረ የዚያን ወር ቫውቸሮች አንድ በአንድ ለማየት ሦስት ቀን ፈጅቶብናል። በመጨረሻ የተገኘው ልክ እንደዚህ ያለ ቅን እርማት ነበር፤ ነገር ግን እስኪገኝ ድረስ ቅን መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም።

አባል፦ ከለገጣፎ

እኔም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞኛል። ባለፈው በጀት ዓመት ግንቦት ላይ የገዛነውን ኮምፕረሰር በጥገና ወጪ መዝግበነው፣ ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ፣ የትርፍ ግብሩም ተከፍሏል። እዚህ በተባለው መሠረት አሁን ቋሚ ንብረትን ዴቢት፣ የጥገና ወጪን ክሬዲት ላድርግ?

የሰበታው አባል

አይሆንም፤ የእርስዎ ጉዳይ የተለየ ነው። ያለፈው ዓመት የጥገና ወጪ ወደ ትርፍና ኪሳራ ተዘግቶ ዜሮ ሆኗል። አሁን ክሬዲት ቢያደርጉት የሚቀንሰው የዘንድሮው ጥገና ነው። መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ አይኤኤስ 8 በሚለው መሠረት ያለፈው ዓመት አኃዝ እንደገና ተስተካክሎ መቅረብ አለበት፤ ያለፈው ዓመት ትርፍም ስለሚጨምር የግብር ማስታወቂያውን ጭምር ይነካል። ከኦዲተራችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ሥሩት፤ በተለየ ጥያቄ ቢያቀርቡትም ይሻላል። የገላኗ እህታችን ስህተት ግን በዚሁ በጀት ዓመት ውስጥ፣ በሁለት የወጪ ሂሳቦች መካከል ያለ ነው።

አባል፦ ከዱከም፣ በፋብሪካ ወጪ ስሌት ላይ የምሠራ

የሰበታው ጋሼ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን «ሁለቱም ወጪ ናቸው፣ ትርፉ አይለወጥም» የሚለው አነጋገር በፋብሪካ ላይ ሁልጊዜ እንደማይሠራ ማንሣት እፈልጋለሁ። 6140 የአስተዳደር ወጪ ከሆነ በዚያው ወር ከትርፍ ላይ ይቀነሳል። 5240 ግን የማምረቻ ወጪ ስለሆነ በምርቱ ላይ ይጫናል፤ ያልተሸጠው ምርት ድርሻ ደግሞ በመጋዘን ይቆያል።

ለምሳሌ በጥቅምት 20,000 ቱቦ ተመርቶ 14,000ው ተሽጧል እንበል። 40,000 ብር በ20,000 ቱቦ ሲካፈል በአንዱ ላይ 2 ብር ያርፋል። ስለዚህ በጥቅምት ከትርፍ መቀነስ የነበረበት የ14,000 ቱቦዎች ድርሻ 28,000 ብር ሲሆን፣ ቀሪው 12,000 ብር ከ6,000ዎቹ ቱቦዎች ጋር በመጋዘን መቀመጥ ነበረበት። ስለዚህ የጥቅምት ትርፍ በ12,000 ብር አንሶ ቀርቧል ማለት ነው። አሁን ሙሉውን 40,000 በኅዳር 5240 ላይ ሲጭኑት ደግሞ የጥቅምቱ ጥገና የኅዳርን ቱቦ ያስወድደዋል። እህቴ፣ እናንተ የማምረቻ ወጪን በየወሩ ትክክለኛውን እያካፈላችሁ ነው ወይስ አስቀድሞ በተወሰነ ተመን ነው የምትጭኑት?

ጠያቂዋ

በየወሩ ትክክለኛውን ነው የምናካፍለው። የዱከሙ ወንድሜ ይህን ባያነሣው ኖሮ አላስበውም ነበር። ያመረትነውና የተሸጠው መጠን ከምሳሌው ይለያል፤ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው የጥቅምት ምርት ኅዳር ሲገባ መጋዘን ነበር። ታዲያ 40,000ውን በሙሉ ወደ 5240 ከማስገባት ይልቅ የተሸጠውን ድርሻ በቀጥታ ወደ ተሸጠ ዕቃ ዋጋ፣ የቀረውን ወደ መጋዘን ሂሳብ ላድርገው?

አባል፦ ከዱከም

እኔ እንደዚያ አደርገው ነበር፤ የኅዳር ምርት የራሱ ያልሆነውን ወጪ አይሸከምምና።

የሰበታው አባል

ስሌቱ ትክክል ነው፤ ነጥቡንም አስቀድሜ ማንሣት ነበረብኝ። ሆኖም በዚህ ላይ የእኔ አስተያየት ትንሽ ይለያል። ጥገናው በ5240 ካላለፈ፣ በዓመቱ መጨረሻ ስለ ማሽን ጥገና የሚጠይቅ ሰው ይህን 40,000 ብር በዚያ ሂሳብ ላይ አያገኘውም። በ5240 አሳልፎ፣ በወሩ የወጪ ማካፈያ ወረቀት ላይ የጥቅምትን ድርሻ ለይቶ ማውጣት ሁለቱንም ያሟላል፤ ግን ተጨማሪ ሥራ ነው። የጥቅምትና የኅዳር ቱቦዎች እስከ ሰኔ ተሸጠው የሚያልቁ ከሆነም የዓመቱ ትርፍ በሁለቱም መንገድ አንድ ነው። ፋይናንስ ኃላፊያችሁ ይወስኑ።

አንድ ሌላ ነገር ግን አሁኑኑ ያስቡበት። የኅዳር የተሽከርካሪ ጥገና ለምሳሌ 11,200 ብር ቢሆን፣ 40,000 ክሬዲት ሲገባበት በኅዳር ሪፖርት ላይ የሚወጣው ከዜሮ በታች 28,800 ብር ነው። ባለቤቱ ይህን ሲያዩ ወይ ይደነግጣሉ፣ ወይ መኪኖቹ ወጪ እንዳላወጡ ይቆጥሩታል። ስለዚህ ከሪፖርቱ በታች ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ የጥቅምትን የተስተካከለ አኃዝም በጎን ባለ ዓምድ ለንጽጽር ያሳዩ። ሌጀሩን ሳይነኩ በኤክሴል ይሠራል።

ጠያቂዋ

በዚሁ መሠረት ሠርቼዋለሁ። ቫውቸሩ ላይ ኅዳር 15 ብዬ፣ ፒችትሪ ውስጥ ኖቬምበር 24 አስገባሁ፤ የእኛ የጥቅምት ወር እስከ ኖቬምበር 9 ስለሚደርስ ቀኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጫለሁ። በ6140 ላይ ሁለቱ 40,000ዎች ተሰራርዘዋል፤ የቫት ሌጀሩም አልተነካም። ኃላፊዬ በ5240 እንዲያልፍ ፈቅደው ፈርመዋል። የጥቅምትን ድርሻ ከማካፈያው ስለመለየትና፣ የትርፉ ልዩነት ለባንኩ በደብዳቤ መገለጽ አለበት ወይስ የኅዳሩ ሪፖርት ግርጌ ይበቃል በሚለው ላይ ግን ገና አልወሰኑም። ለባንክ የምታቀርቡ ሌሎች አባላት በዚህ ላይ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ እጠብቃለሁ።