ትርፍ 150 ሺህ፣ ባንክ ውስጥ 11 ሺህ፤ ብሩ የት ገባ?

የጀሞዋ (ጠያቂ)፦ እባካችሁ አስቸኳይ ነው። የእንጨትና ብረት ወርክሾፕ አለኝ። ሒሳብ ሠራተኛዬ ወሩን ዘግቶ «150 ሺህ ብር አትርፈሻል» አለኝ። ባንክ ሳይ ያለው 11 ሺህ ነው። ዓርብ ደግሞ የቀጣዩ ወር 80 ሺህ ደሞዝ አለብኝ። ገንዘብ ያዧ አዲስ ናት፣ ከእሷ ሌላ ብር የሚነካ የለም። በምን ልያዛት?

ቆጥብ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የቤትሽንና የሥራሽን ብር ለዪ። ሰው ከካዝና እያነሣ አስቤዛ ይገዛና «ሌባ አለ» ይላል። መዝገብ ይኑርሽ፣ ደረሰኝ አስቀምጪ፣ ማታ ማታ ካዝና ቁጠሪ።

ሸዋ ብረት፦ እኔ ብሆን ቁልፉን ዛሬውኑ እቀማት ነበር።

ደብተር ያዥ፦ ቆይ፣ ልጅቷን ተዋት። የሸጥሽው በዱቤ ነው? ወሩ ሲጀምር ባንክ ስንት ነበረሽ? ብረትና ቦርድ የስንት ገዛሽ?

የጀሞዋ፦ ለአንድ የግል ትምህርት ቤት 100 ዴስክ ሠርተን አስረክበናል፣ አንዱ 6 ሺህ፣ ቫት ለብቻው። 30 በመቶ ቅድሚያ ሰጥተውኛል፣ ቀሪውን ከሁለት ወር በኋላ ይከፍላሉ። ወሩ ሲጀምር 541 ሺህ ነበረኝ። ዋጋ ሳይጨምር ብዬ የ480 ሺህ ዕቃ ገዛሁ፣ ቫቱ ሳይቆጠር። ደሞዝ 80፣ ኪራይና መብራት ምናምን 40። የማሽኑ ብድር ዋናው 25። እቁብ በሳምንት 10። ይሄ ግን ከትርፉ ጋር ምን አገናኘው?

ፒያሳ ልጅ፦ መልሱን ራስሽ ጽፈሽው 😂

ደብተር ያዥ፦ አብረን እንቁጠረው። ደረሰኙ ከነቫቱ 690 ሺህ ነው፤ እጅሽ የገባው ቅድሚያ 207 ሺህ። ከነበረሽ ጋር 748 ሺህ ሆነ። ለዕቃው ከነቫቱ 552 ሺህ ወጣ፣ ለደሞዝና ለኪራይ 120፣ ለብድር 25፣ ለአራት ሳምንት እቁብ 40። ድምሩ 737 ሺህ። ስንት ቀረ? 11 ሺህ። ልጅቷ ምንም አልነካችም።

ሒሳብ ሠራተኛሽም አልተሳሳተም። እሱ የሚቆጥረው ዴስኮቹ የተሸጡበትን 600 ሺህና እነሱን ለመሥራት ያለቀውን ነው፦ 330 ሺህ ዕቃ፣ 120 ሺህ ደሞዝና ኪራይ። 150 ሺህ ይተርፋል። መጋዘን ያለው የ150 ሺህ ብረት ገና አልተሠራበትምና ወጪ አይለውም። የብድሩን ዋናና እቁቡንም አይቆጥርም። ባንክሽ ግን ሁሉንም ቆጥሯል። ብርሽ አሁን ትምህርት ቤቱ ዘንድ (483 ሺህ)፣ መጋዘን ውስጥና እቁብ ሰብሳቢው ጋ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ቫቱ። ደረሰኝ ስለቆረጥሽ፣ ትምህርት ቤቱ ባይከፍልሽም ታሳውቂያለሽ። 90 ሺህ ሰብስበሻል ተብሎ ስትገዢ የከፈልሽው 72 ሺህ ይቀነስልሻል፣ 18 ሺህ በሚቀጥለው ወር ትከፍያለሽ። ለዓርብ ስታስቢ እሱን አትርሺ።

ሸዋ ብረት፦ እኔም እንደዛ ነበር ያሰብኩት።

ቆጥብ፦ እንግዲያው ትርፍ የሚባለው ወሬ ነው። ዋናው በእጅ ያለ ብር ነው።

የካፌው፦ አይደለም፣ ወንድሜ። የአጎቴ ካፌ ካዝና ሁሌ ሙሉ ነበር። ደንበኛ ወዲያው ይከፍላል፣ የወተቱና የዳቦው ሰው ግን ወር ጠብቆ ነው የሚቀበለው። አንድ ማኪያቶ ስንት እንደሚያስወጣው ቆጥሮ አያውቅም ነበር፤ እያንዳንዱን በኪሳራ ነበር የሚሸጠው። ደንበኛ ሲቀንስ የወተቱን ዕዳ የሚከፍልበት አጣ። እሱ ዘንድ ብር እንጂ ትርፍ አልነበረም።

የጀሞዋ፦ እሺ ገባኝ፣ ግን ዓርብስ? ልጆቹ ደሞዝ ይጠብቃሉ!

ፒያሳ ልጅ፦ የእቁቡን ዳኛ ምሳ ጋብዢው።

ደብተር ያዥ፦ ቀልድ አይደለም። ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን ከለወጠልሽ ጥሩ ነው። ያለዚያ የማትፈልጊውን ቱቦላሬ ለጎረቤት ወርክሾፕ በገዛሽበት ሽጪ። ለትምህርት ቤቱም «ከዓርብ በፊት 150 ሺህ ከሰጣችሁኝ ከቀሪው 10 ሺህ እቀንሳለሁ» በያቸው። ለወደፊቱ ደግሞ 30 በመቶ አይበቃሽም። ለዴስኮቹ ያለቀው ዕቃ ብቻ ከነቫቱ ወደ 380 ሺህ ነው፣ ከጠቅላላው 55 በመቶ ማለት ነው። ከዚያ በታች ከተዋዋልሽ የደንበኛሽን ዴስክ በራስሽ ብር እየሠራሽለት ነው።

ሸዋ ብረት፦ ማን ነው 55 በመቶ ቅድሚያ የሚሰጥ? የባንክ ዋስትና አምጪ ይሏታል፣ ባንኩ ደግሞ መያዣ ይላታል። ይልቅ በየደረጃው ይክፈሉ፣ 50 ዴስክ ሲረከቡ የ50ውን።

ደብተር ያዥ፦ እሱም ያስኬዳል፣ ከተስማሙ።

የካፌው፦ ቅናሹ ላይ ግን ተጠንቀቂ። የ690 ሺህ ደረሰኝ አንዴ ተቆርጧል። 10 ሺህ ስትቀንሺ የተመላሽ ደረሰኝ ካልሠራሽ ላልተቀበልሽው ብር ቫት ትከፍያለሽ። ሒሳብ ሠራተኛሽን ቀድመሽ ጠይቂው።

ፒያሳ ልጅ፦ የጀሞዋ፣ ምን ሆነ? ልጅቷን አባረርሻት እንዴ?