የዕቅድ ውይይት፦ የባልትና ማኅበሩ አፕ ማስታወቂያ፣ ሁለተኛ ዙር

አስተባባሪ፦ ባለፈው 60 ሺህ ብር አውጥተን 4 ሺህ ሰው አፑን ጫነ። አንዱ በ15 ብር ነው፣ ረከሰ ብለን ተደሰትን። በወሩ ውስጥ ያዘዘው ግን 32 ሰው ነው። አንድ ገዢ 1,875 ብር ፈጀብን ማለት ነው። አሁን ግባችን የሚጭን ሳይሆን የሚገዛ ሰው ይሁን።

የሳሪስ ሱቅ፦ እሱ ይቆየንና፣ ማስታወቂያው ላይ ያለው በርበሬ የማን ነው? የእኔ አይደለም።

የመገናኛ ሱቅ፦ የእኛ ነው፣ ፎቶው ጥሩ ስለወጣ ተመረጠ። ይልቅ ያ 4 ሺህ ሰው ሁሉ ቦት ነው። ገንዘባችን ይመለስ!

አፑን የሚያየው፦ ሁሉም ቦት አይደለም። ጉግልን ብዙ ጫኝ አምጣልን አልነው፣ አመጣ። በርበሬ የሚገዛ አላልነውም። ደግሞ ግቡን ወደ ግዢ፣ ማለትም ወደ `purchase` ከመቀየራችን በፊት የሚስተካከል አለ። አፑ ‹ተገዛ› ብሎ ለጉግል የሚልከው «እዘዝ» ሲነካ ነው። ኔትወርክ ተቆራርጦበት ሦስቴ የነካ ሰው ሦስት ትዕዛዝ ሆኖ ይቆጠራል። ለዚህ ነው ሪፖርቱ 51 የሚለው። ክፍያ ሲረጋገጥ ይላክ፣ የትዕዛዙ መለያ ቁጥር `transaction_id`ም ይግባበት።

ሒሳብ ያዥ፦ ደብተሬ ላይ 32 ነው። ብሩ የገባው የ32 ነው።

የሳሪስ ሱቅ፦ ጥያቄዬ አልተመለሰም። መዋጮ እኩል ከፍያለሁ።

የገርጂ ሱቅ፦ የእኔም ሽሮ የለበትም። ልጄ ደግሞ አፑን ቦታ ያዘብኝ ብላ አጥፍታዋለች።

የመገናኛ ሱቅ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ በርበሬ ፎቶ ላይ ይጠቁራል።

የሳሪስ ሱቅ፦ የሚጠቁረው ቅመሙ ስለበዛ ነው! እንዲህ ከሆነ ድርሻዬን ስጡኝና ልውጣ።

አስተባባሪ፦ ኧረ በፎቶ አንለያይ። የሁሉም ሱቅ ይነሳ። ከበጀቱ 20 ሺህ ለፎቶ አንሺ እናድርግ።

የሳሪስ ሱቅ፦ እንደሱ ከሆነ ይሁን።

አፑን የሚያየው፦ ከማስታወቂያው ባትቀንሱ ጥሩ ነበር። ጉግል ራሱ በቀን ቢያንስ 10 የተለያየ ሰው የሚያደርገውን ነገር ግብ አድርጉ ይላል። የእኛ ትዕዛዝ በቀን አንድ ነው፣ በዚያ ገዢውን ከጫኙ መለየት አይማርም። ለጊዜው ግቡ ቅርጫት ውስጥ መክተት፣ `add_to_cart` ይሁን። ግን ቅርጫት ውስጥ ከትቶ የሚሄድም ስላለ፣ በየሳምንቱ ከደብተሩ ጋር የሚያመሳክር ሰው ያስፈልጋል።

ሒሳብ ያዥ፦ መገናኛ አመሳክራለሁ ብሎ ነበር።

የመገናኛ ሱቅ፦ የበዓል ሥራ ይዞኛል፣ ሌላ ሰው ፈልጉ።

አፑን የሚያየው፦ እንግዲያው ግባችን `add_to_cart` ይሁን ወይስ አፑ ላይ መመዝገብ? ዛሬ ካልተወሰነ ማስታወቂያው እንደ በፊቱ ጫኝ እየቆጠረ ይቀጥላል።

የገርጂ ሱቅ፦ ፎቶ አንሺው ቅዳሜ ይመጣል? ሽሮው እንዲፈጭ ልበል።