የእንግሊዝኛ ስፔሊንግ እንደ አነባበቡ ይስተካከል ወይስ እንዳለ ይተው?

ሳምሪ፦ እስቲ ተከራከሩ። የእንግሊዝኛ ስፔሊንግ እንደሚነበበው ተደርጎ ቢስተካከል ይሻላል ወይስ እንዳለ ይተው? የማይነበብ ፊደል መጻፍ ለማን ነው የሚጠቅመው?

ናቲ፦ ይስተካከል እንጂ! ፈረሰኛው ወታደርም ናይት፣ ሌሊቱም ናይት፣ አንዱ ላይ ኬ ለጥፈው ሁለቱም መሀል ጂ ኤች ሰንቅረው፣ አንዷም አትነበብ። የድሮ አታሚዎች በፊደል ስለሚከፈላቸው ነው ያስረዘሙት ሲባል ሰምቻለሁ፣ ላቲን እናውቃለን ባዮችም ጨማምረውበታል። ዕዳ የሚለው ዴት ውስጥ ያለችውን ቢ እኮ ማንም ጠርቷት አያውቅም።

ጋሽ መኩሪያ፦ ስለ ቢዋ ልክ ነህ ናቲ። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ሲገባ ቢ አልነበረውም፣ በኋላ ላቲን የተማሩ ሰዎች ምንጩ ዴቢቱም ነው ብለው ጨመሯት። ደሴት የሚለው አይላንድ ላይ ያለችው ኤስ ደግሞ ከናካቴው በስህተት የገባች ናት፣ ቃሉ ከላቲኑ ኢንሱላ ጋር ዝምድና የለውም። የአታሚዎቹ ወሬ ግን ናይትን አያስረዳም። እነዚያ ፊደሎች ድሮ ይነበቡ ነበር። ፈረሰኛው "ክን" ብሎ ነበር የሚጀምረው፣ ጂ ኤች ደግሞ እንደ ኽ ያለ ድምፅ ነበረው። ሰው መጥራቱን ተወው፣ እጁ ግን መጻፉን ቀጠለ።

ቤቲ፦ እኔ እንኳን ጥያቄዬ ሌላ ነው፣ እነዚህን ቃላት እንዴት ነው የምትይዟቸው? ባለፈው የሆነ ሪፖርት ሳርም "መራ" ለማለት ሌድ መጻፍ ሲገባው ኤ ጨምረውበት እርሳስ ብረቱን ጽፈውታል፣ ሶስት ቦታ! ስፔል ቼኩም አንዷንም ቀይ አላሰመረም።

ናቲ፦ ቤቲ እሱ የአያያዝ ጥያቄ አይደለም፣ የኔን ሀሳብ ነው የምታግዢው 😂

ጋሽ መኩሪያ፦ ቤቲ ስፔል ቼክ የሚያየው ቃሉ መዝገብ ውስጥ መኖሩን ነው፣ እርሳስም ቃል ነው፣ አለ፣ ስለዚህ ያልፈዋል። ሰዎቹን ግን ያሳሳታቸው ማንበብ የሚለው ግሥ ይመስለኛል። እሱ አሁን ሲሆን ሪድ፣ ትላንት ሲሆን ሬድ ተብሎ ይነበባል፣ ጽሑፉ ግን ሁለቱም ላይ አንድ ነው፣ መሀሉ ኢ እና ኤ። እንግዲህ ሰው መምራት የሚለው ሊድም እንደዛው ነው ብሎ ያስባል። ሊድ ግን ትላንት ሲሆን ኤዋን ይጥላል።

ሳምሪ፦ ቆይ ጋሼ፣ ይቺ ኢ እና ኤ ናት እኔን የምታናድደኝ። ሥጋው ሚት ይባላል፣ ዳቦው ብሬድ ነው፣ ትልቅ የሚለው ደግሞ ግሬይት። ሶስቱም በአንድ ጽሑፍ ሶስት አነባበብ፣ ይሄ ምን የሚሉት ነገር ነው?

ጋሽ መኩሪያ፦ ሥጋውንና መገናኘት የሚለውን ሚት ጎን ለጎን አድርጊያቸው። ዛሬ ጆሮ አይለያቸውም። በ1400 አካባቢ ግን መገናኘቱ ጠበብ ያለ ረጅም የኤ ድምፅ ነበረው፣ ሥጋው ደግሞ አፍ ከፈት ተደርጎ የሚባል ሌላ ረጅም የኤ ድምፅ። በኋላ ጸሐፊዎች ልዩነቱን ለማሳየት አንዱን በደብል ኢ፣ ሌላውን በኢ እና ኤ መጻፍ ለመዱ፣ የሰው አፍ የሚለያቸውን ጽሑፉም ለየ ማለት ነው። ረጃጅሞቹ አናባቢዎች ግን በዛው ዘመን በሙሉ ቦታ እየቀየሩ ነበር፣ ሁለት ሶስት መቶ ዓመት የፈጀ ነገር ነው። መገናኘቱ ቀድሞ የኢ ድምፅ ያዘ፣ ሥጋው ቀስ እያለ ተከትሎት በ1700 ገደማ ተገናኙ። ግሬይት እና ሰበረ የሚለው ብሬይክ ግን መንገድ ላይ ቀሩ፣ ብሬድ ደግሞ አናባቢው አጥሮ ስለነበር አብሯቸው አልተጓዘም። የመጀመሪያው የእንግሊዝ አታሚ ካክስተን ዌስትሚኒስተር ላይ ማተሚያውን የከፈተው በ1476 ነው፣ ለውጡ መሀል ላይ ማለት ነው። ከዛ በኋላ ጽሑፉ በሕትመት እየረጋ ሲሄድ ንግግሩ መንገዱን አላቋረጠም።

ኤፍሬም፦ እኛስ ብንሆን? "አለ" ብለህ ጻፍ እስቲ፣ ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ማጥበቅና ማላላቱን ጽሑፉ አያሳይም፣ ግን ማን ተቸግሮ ያውቃል? ስለዚህ ይተው። ደግሞ የእንግሊዝኛን ስፔሊንግ ማን ይነካዋል፣ ማንም ሞክሮት አያውቅም።

ናቲ፦ ኧረ ተሞክሯል ኤፍሬም! አሜሪካዊው ዌብስተር በ1828 ዲክሽነሪው ላይ ከለር የሚለውን ዩ አውጥቶ ጻፈው፣ ይሄው አሜሪካኖቹ እስከ ዛሬ እንደሱ ነው የሚጽፉት።

ጋሽ መኩሪያ፦ እውነት ነው፣ ግን ምላስ የሚለውን ታንግ እንደ አነባበቡ ሊያሳጥር ሞክሮ ሰው አልተቀበለውም። በ1906 ደግሞ ባለሀብቱ ካርኔጊ ገንዘብ የሚሰጠው ቦርድ ስፔሊንጋቸው የቀለለ ወደ ሶስት መቶ የሚሆኑ ቃላት ዝርዝር አወጣ፣ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የመንግሥት ማተሚያ ቤት በዛ ይጻፍ ብሎ አዘዘ፣ ጋዜጣው ቀለደበት፣ ኮንግረሱ ተቃወመ፣ በዛው ዓመት ተመለሰ።

ናቲ፦ ሰው ስለሳቀ ሀሳቡ ስህተት ነው ማለት አይደለም ጋሼ።

ጋሽ መኩሪያ፦ አላልኩም። የኔ ችግር ሌላ ነው። እንደ አነባበቡ ብትጽፍ ሪድ እና ሬድ ይለያዩልሃል፣ እዛ ላይ ታሸንፋለህ። ግን ሥጋውና መገናኘቱ በዛው ቀን አንድ ቃል ይሆናሉ፣ ሁለቱ ናይቶችም እንደዛው። ተመሳሳይ ጽሑፍ ያላቸውን ስትለያይ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ታደባልቃለህ።

ናቲ፦ ይደባለቁ! ስናወራ እኮ ተደባልቀው ነው የሚወጡት፣ ስልክ ላይ "ሥጋ ነው ወይስ እንገናኝ ማለትሽ ነው" ብሎ የጠየቀ አለ? ኤፍሬምም አሁን በ"አለ" ያለው ይሄንኑ ነው፣ ሳያውቀው እኔን ደገፈ።

ኤፍሬም፦ እንዴ፣ እኔ እኮ ይተው ነው ያልኩት!

ጋሽ መኩሪያ፦ ናቲ ያልከው ክብደት አለው፣ አልክድም። ስታወራ ግን ያልገባው ሰው ያቋርጥሃል፣ ወረቀትን ማን ያቋርጠዋል? ደግሞስ በማን አነባበብ ነው የምትጽፈው? አባት የሚለው ፋዘርና ራቅ ብሎ የሚለው ፋርዘር ለንደን ላይ አንድ ድምፅ ናቸው፣ አብዛኛው አሜሪካ ውስጥ አርዋ ስለምትሰማ ሁለት ናቸው። ሁለት ስፔሊንግ ልናወጣ ነው?

ናቲ፦ አሁንም እኮ ለከለር ሁለት አለን፣ ማን ሞተ?

ጋሽ መኩሪያ፦ ሳይን እና ሲግኔቸርን ደግሞ እያቸው። ምልክት የሚለው ላይ ጂዋ አትነበብም፣ ፊርማው ላይ ግን ትነበባለች፣ ዝምድናቸውን የምታሳየው እሷ ናት። እሷን አውጣና ፊርማ ከማን እንደተወለደ አይታይም።

ናቲ፦ እሺ ጂዋ ትቆይ። የዴቷ ቢስ? የአይላንዷ ኤስ? እነዚህ ማንንም አይለዩም፣ ዝምድና የሚባለውም የአይላንዷ ጭራሽ ውሸት ነው ብለሃል ራስህ። ሙሉውን ካልሆነ በጥቂት በጥቂቱ ይጀመር።

ጋሽ መኩሪያ፦ ዴት ከዴቢት ጋር ዘመድ ስለሆነች ቢዋን እከራከርልሃለሁ። ኤሷን ግን ውሰዳት፣ ለሷ መልስ የለኝም።

ቤቲ፦ ጨርሳችሁ ከሆነ፣ ሪፖርቱን በምን ልመርምረው ነው ያላችሁት?

ሳምሪ፦ ፈልግ የምትለው ላይ ኤ ያላትን ሌድ ጻፊና አንድ በአንድ እያቆምሽ "መራ" ነው ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከሆነ ኤዋን አጥፊ።