ከአዳራሹ መጨረሻ የሚነበብ የስላይድ ፎንት

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ በአማርኛ ገለጻ አቀርባለሁ። የስክሪኑ ቁመት 3 ሜትር ነው፤ የመጨረሻው ወንበር 30 ሜትር ይርቃል። ስላይዱን በ Nyala፣ በ28 መጠን ጽፌዋለሁ። ከኋላ ይነበባል? ካልተነበበ በምን ልቀይረው?

ቶሎመላሽ፦ ምን አስጨነቀህ፣ ቦልድ አድርገው። ከሩቅ የሚጠፋው ቀጭን መስመር ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ መስመሩ ይወፍር የሚለው ልክ ነው። ችግሩ Nyala የራሱ ቦልድ የለውም። ቦልድ ስትለው ፕሮግራሙ ያንኑ ቅርጽ በግድ ያወፍረዋል፤ ያኔ የ«ቤ» እና የ«ሜ» ቀለበት ይደፈናል። የኛ ፊደል ደግሞ በትንንሽ ምልክት ነው የሚለየው። «ቡ» እና «ቢ»ን ተመልከት። ጭረቷ አንዱ ላይ ወገቡ ጋ፣ ሌላው ላይ እግሩ ጋ ናት። እሷ ከጠፋች አንባቢው በግምት ነው የሚሄደው።

ስለዚህ የእውነት ወፍራም ዝርያ ያለው ፎንት ያዝ። Noto Sans Ethiopic ከስስ እስከ በጣም ወፍራም አለው፤ እኔ Medium ወይም SemiBold እመርጣለሁ። ማውረድ ካልፈለግክ ዊንዶውስ ላይ ያለው Ebrima የራሱ ቦልድ አለው።

መጠኑም ያንሳል። የተለመደው ስላይድ ቁመቱ 540 ነጥብ ነው። ስክሪንህ ላይ አንዱ ነጥብ 5.5 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። የፎንት መጠን የሚለካው በነጥብ ስለሆነ 28 ማለት 15 ሴንቲ ቢመስልም ፊደሉ ራሱ የዚያ ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ ወደ 10 ሴንቲ። ሳይጨነቁ ለማንበብ እኔ ርቀቱን ለ200 አካፍላለሁ፤ ላንተ 15 ሴንቲ ይመጣል። ከ40 አትውረድ።

የወረቀት ሰው፦ እኔ ሁሌም Abyssinica SIL ነው የምጠቀመው። ታትሞ ሲወጣ እንዴት እንደሚያምር!

ፊደል ቆጣሪ፦ ለወረቀት አዎ። እሱ ግን የጠየቀው ስለ ስክሪን ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። አዳራሹ ሳልገባ የምሞክርበት መንገድ አለ? ኮምፒውተሩም የነሱ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ አለ። የኋላው ሰው የሚርቀው የስክሪኑን ቁመት 10 እጥፍ ነው። የላፕቶፕህ ስክሪን ቁመት 19 ሴንቲ ከሆነ ስላይዱን ሙሉ ስክሪን ክፈትና 1.9 ሜትር ራቅ። ግን አንተ አታንብበው፤ ጽሑፉን በቃልህ ስለምታውቀው ያነበብክ ይመስልሃል። አይቶት የማያውቅ ሰው ጥራ።

ለፎንቱ ፓወርፖይንት ላይ File፣ Options፣ Save ገብተህ «Embed fonts in the file» ላይ ምልክት አድርግ። ፒዲኤፍ ቅጂም ያዝ። ፎንቱ ከሌለ ኮምፒውተሩ ሌላ ይተካና መስመሮቹ ይዘበራረቃሉ።

ቶሎመላሽ፦ ጥቁር ጀርባ ላይ ነጭ ጽሑፍ አድርገው፣ የበለጠ ይጎላል።

ፊደል ቆጣሪ፦ መብራት ከጠፋ እሺ። በበራ አዳራሽ ግን ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ እኔ ነጭ ጀርባ ነው የምለው።

ቶሎመላሽ፦ ፕሮጀክተሩ ጠንካራ ከሆነስ? እኔ አልስማማም።

ጠያቂ፦ እህቴን አስነበብኳት። በ40 Noto ርዕሱንም ነጥቦቹንም አነበበች። ሰባት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ግን በ40 አይገባም።

ፊደል ቆጣሪ፦ ለሁለት ስላይድ ክፈለው፤ ፊደሉን አታሳንስ።