ሶስቱም ሬዚስተር በአንድ መስመር ነው ያሉት፣ መልሱ ግን 2 ኦም ይላል፣ ድረሱልኝ

ቤቲ
እባካችሁ ነገ ጠዋት ፈተና አለኝ። ፎቶው የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ ወርክሺት ነው፣ ጓደኛዬ ናት የላከችልኝ። ባትሪው 12 ቮልት፣ ሬዚስተሮቹ ከግራ ወደ ቀኝ 6፣ 12፣ 4 ኦም። ሲሪየስ ስለሆኑ ደመርኩና 22 መጣ፣ መልሱ ጋ ግን 2 ነው የሚለው። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ አሚትሩ ስንት ያነባል ይላል፣ የቱ ነው የተሳሳተው እኔ ወይስ መልሱ??

ናቲ
ሲታተም አንዷ 2 ወድቃ ቀርታለች ሃሃሃ

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ተማሪ ሰርኪዩቱን በእጁ ሳይስል መደመር አይጀምርም ነበር። ዛሬ ፎቶ ይነሳል፣ ይላካል፣ አለቀ። መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ ያዢ።

ዳዊት
ጋሼ ልክ ነዎት ግን ልጅቷ ነገ ነው ፈተናዋ። ቤቲ መልሱ ልክ ነው፣ ፓራለል ናቸው። ሶስቱን አባዢና ለድምራቸው አካፍይ፣ 288 ሲካፈል ለ22።

ቤቲ
13.09 መጣ እኮ

የራዲዮ ጠጋኝ
ዳዊት ፓራለል ማለትህ ልክ ነው፣ አሰራርህ ግን አይሆንም። ማባዛትና ለድምሩ ማካፈል ለሁለት ሬዚስተር ብቻ ነው፣ ሶስት ሲሆኑ መጀመሪያ ሁለቱን አንድ አድርገህ ከዛ ከሶስተኛው ጋር ትሰራዋለህ። ደግሞ ፓራለል ከሆኑ ድምሩ ከትንሹ ከ4 በታች መውረድ አለበት፣ 13 ሲመጣ ያኔውኑ ይታወቃል።

ቤቲ ፎቶውን ዙም አድርጊው። ከሬዚስተሮቹ በላይ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ አለ፣ ሳታያቸው ያለፍሻቸው እነሱን ነው። የግራውን ጫፍ ሀ በይው፣ በ6 እና በ12 መሀል ያለውን ለ፣ በ12 እና በ4 መሀል ያለውን ሐ፣ የቀኙን ጫፍ መ። አንደኛው ሽቦ ከሀ ተነስቶ ሐ ላይ ይወርዳል፣ ሌላው ከለ ወጥቶ መ ላይ። ሽቦ ያገናኛቸው ነጥቦች አንድ ነጥብ ናቸው ስለዚህ ሐን ሰርዢና ሀ በይው፣ መንም ሰርዢና ለ በይው። አሁን እያንዳንዱን እይው፣ 6ቱ በሀ እና በለ መሀል፣ 12ቱ በለ እና በሀ መሀል፣ 4ቱም በሀ እና በለ መሀል። ሶስቱም ያው ሁለት ነጥብ ላይ ነው የታሰሩት፣ በቃ ፓራለል ነው፣ አንድ መስመር ላይ መሳላቸው ምንም ማለት አይደለም።

1/R = 1/6 + 1/12 + 1/4 = 6/12

R = 2 ኦም።

ሰላም
እኔ ጋ ግን ሁለቱ ሽቦዎች ሲቋረጡ ጥቁር ነገር ይታየኛል። ነጥብ ከሆነ ተገናኝተዋል ማለት አይደል?

የራዲዮ ጠጋኝ
ጥሩ አይተሻል። እዛ ላይ ነጥብ ካለ ግን ሀም ለም አንድ ሆኑ ማለት ነው፣ ባትሪው ሾርት ያደርጋል፣ ድምሩም ዜሮ ይሆናል። መልሱ 2 ስላለ ነጥብ የለም፣ የፎቶው ጥላ ነው።

ኬብሮን
እኔም እንዲህ አይነት ነገር ገጥሞኝ ነበር፣ የገና መብራት ላይ አንዷ አምፖል ስትቃጠል ሁሉም ጠፋ፣ ፓራለል ቢሆን አይጠፋም ነበር አይደል? ማን ይሰራልኛል?

ናቲ
ኬብሮን ቤቲን አስጨርሳትና

ዳዊት
ፓራለል ነው ብዬ ነበር

ሰላም
አሚትሩስ? ጠቅላላው 12 ለ2 ሲካፈል 6 አምፒር ነው፣ 6 ትላለች በቃ።

የራዲዮ ጠጋኝ
ባትሪው ጋ ቢሆን 6 ነበር። ክቧ ግን ከላይኞቹ ሽቦዎች አንዱ ላይ ነው ያለችው። እያንዳንዱ 12 ቮልት ስለሚያገኝ በ6ቱ 2 አምፒር፣ በ12ቱ 1፣ በ4ቱ 3 ያልፋል። ባትሪው ፖዘቲቩ በሀ በኩል ነው፣ ስለዚህ በመሀለኛው ከረንቱ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው። ከሀ ወደ ሐ የሚሄደው ሽቦ የ12ቱንና የ4ቱን ስለሚሸከም 4 አምፒር፣ ከለ ወደ መ የሚሄደው የ6ቱንና የ12ቱን ስለሚሸከም 3 አምፒር። ክቧ የትኛው ላይ እንደሆነች ከዚህ ፎቶ መለየት አልቻልኩም፣ ሽቦዎቹ የሚቋረጡበት ጋ ተጠግታለች። ጓደኛሽ እዛች ጋ ቀርባ አንስታ ትላክልን።

ጡረተኛው መምህር
ጠጋኙ ያሉት ትክክል ነው። እኔ ግን 3 ነው እላለሁ፣ ክቧ ከላይኛው መስመር ጋር ነው የተሳለችው።

ሰላም
ለኔ ታችኛው ላይ ነው የምትታየኝ፣ 4

የራዲዮ ጠጋኝ
ደግሞ ይሄን በእውነተኛ ሬዚስተር ልሞክር የሚል እንዳይኖር፣ 4 ኦሙ ላይ ብቻ 36 ዋት ነው፣ የሩብ ዋቷ ትንሽዬ ሬዚስተር ወዲያው ትጨሳለች።

ናቲ
ቤቲ አለሽ?

ኬብሮን
የኔስ አምፖል